ከዝርዝሩ የቀረው ፎቶ

ተከራዬ የደወለችልኝ በነሐሴ አጋማሽ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ወልቂጤ፣ ቤቴ ነበርኩ። እሷ የተከራየችው ቤት ያለው ቡታጅራ ነው።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ውሃ ገብቷል» አለችኝ። «ከመንገዱ ነው የመጣው። ጉልበቴ ድረስ ደርሷል።»

ከኋላዋ የዝናቡ ድምፅና የእናቷ ንግግር ይሰማኛል። እሷ ግን አልተጣደፈችም። ነርስ ናት፤ ምናልባት የሥራዋ ጠባይ ይሆናል። ያ እርጋታዋ ደስ አላለኝም። ከአሥር ቀን በፊት ኪራዩን ስለማሻሻል አንስቼባት፣ «እናስብበት ጋሼ» ብላ ስልኩን ዘግታ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሰዎቹ ደህና ናቸው ወይ የሚል አልነበረም። «አሁን ምክንያት አገኘች» ነው ያልኩት በልቤ።

ሠላሳ ዓመት ገደማ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የሚኮርጅ ተማሪ ዓይኑ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰውን ሁሉ በዚያ ዓይን ማየት አልተወኝም። ባለቤቴ «አንተ ሰላምታውንም ታርማለህ» ትለኛለች።

ቤቱ ትልቅ አይደለም። ሁለት ክፍል፣ አንዲት ወጥ ቤትና ጠባብ ግቢ ያለው የብሎኬት ቤት ነው። ለመጨረስ ከባንክ ተበድሬ ስለነበር ባንኩ መድን እንድገባለት አስገደደኝ፤ እሳት፣ መብረቅ፣ ጎርፍም ተጨምሮበት። አረቦኑን በየዓመቱ እከፍላለሁ እንጂ ውሉን አንድ ቀን እንኳ አውጥቼ አንብቤው አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ከመሳቢያ አውጥቼ ሳነብ፣ ጉዳት ሲደርስ ሳይዘገይ ማሳወቅ ግዴታ እንደሆነ አየሁ። ወልቂጤ ላለው የመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ወዲያው ደወልኩ። ያነሳችው ሴት የውሉን ቁጥር ተቀበለችኝና፣ «ምንም ነገር እንዳይጠገን፣ እንዳይጣል። ውሃውን ማስወጣት ትችላላችሁ። ገምጋሚ ሳያይ ግን የተበላሸው እንደተበላሸ ይቆይ። ፎቶ አንሱ» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሳሁ። መኪና ቀያይሬ ቡታጅራ ስደርስ ወደ አራት ሰዓት ሆኗል። ከዘቢዳር ተራራ በኩል የወረደው ጎርፍ የሰፈሩን መንገድ አልፎ፣ የኮብልስቶኑን ድንጋይ እዚህም እዚያም ነቅሎ ነበር። ከቤቴ በላይ ያለው የመንገድ ቦይ በአሸዋና በፌስታል ታፍኗል። ከቦዩ ጥግ አንድ ጎረቤት ለግንባታ ያስራገፈው የአሸዋ ክምር ግማሹ የለም። ቆሜ አየሁት። «ይሄ ሰውዬ ነው» አልኩ ለራሴ፤ አነሳሁትም በስልኬ። ከእሱ ወደ ተከራዬ፣ ከተከራዬ ወደ ወረዳው ሠራተኞች፣ የማልጠረጥረው ሰው አልነበረም።

ግቢው ውስጥ የመንገዱ በኩል አጥር ወድቆ ጭቃው ላይ ተኝቷል። ተከራዬ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቦት ጫማ አድርጋ፣ በመጥረጊያ ውሃ ታስወጣለች። እናቷ ግቢው ውስጥ ከፍ ባለው ጥግ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ነጠላ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ብዙ አይንቀሳቀሱም።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉና በጉራጊኛቸው ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ቸሃ ነኝ፤ የእነሱ መስቃንኛ ግማሽ ይገባኛል፣ ግማሽ ያመልጠኛል። «ግድግዳ» ማለታቸው መሰለኝ። ልጅቱ አጭር መልስ ሰጥታ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ ደክሟቸዋል ጋሼ። ይግቡ፤ ያዳልጣል ይጠንቀቁ።»

ውስጡ ያሳዝን ነበር። ውሃው የደረሰበት ቦታ በአራቱም ግድግዳ ላይ ቡናማ መስመር ሆኖ ቀርቷል። የቺፕውድ በሮቹ አብጠው አይዘጉም። የሳሎኑ ሴራሚክ በሦስት ቦታ ተነስቷል። ከታች ያሉት ሶኬቶች ጭቃ ጠጥተዋል። ልስኑ በእጄ ስነካው ተቆርሶ ወደቀ። አልጋ ላይ እስከ ጣሪያው ዕቃ ተቆልሏል፤ ፍራሾቹ ግን ከሥር ነበሩና ተበላሽተዋል።

ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። እሷ ከበሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እኔም አንስቻለሁ» አለች። «ውሃው ሲገባ ጀምሮ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ውሃ ጉልበቷ ድረስ እየገባ፣ እናቷ ቤት ውስጥ እያሉ ስልክ አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህን አልኳት ማለት ይቻላል፤ በቃል ሳይሆን በዓይኔ። ገባት መሰለኝ።

«እናቴን መጀመሪያ ጎረቤት አስገባኋቸው» አለች። «ከዚያ ነው ያነሳሁት። ሆስፒታል ስንሠራ ያልተመዘገበ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል።»

«ጥሩ ነው። ላኪልኝ።»

«ሁሉንም?»

«አዎ፣ ሁሉንም» አልኳት፤ ወደ ወልቂጤ እስክመለስ ድረስ ግን ስለዚያ ቃል ሳስብ ነበር።

የሁለተኛው ክፍል የጀርባ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ሰያፍ ወርዶ ወለሉ ጋ ይደርሳል። የትንሽ ጣት ጫፍ ያስገባል። ሳየው ደነገጥኩ፤ ከሁሉም የሚከብደው ጥገና እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። በቅርብም በሩቅም አድርጌ አነሳሁት። እሷ ውሃ ወደ ማስወጣቷ ተመለሰች።

በማግስቱ የመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሄድኩ። በስልክ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ ጠረጴዛዋ ላይ የካሳ ጥያቄ ቅጽ ዘርግታ፣ ምን ምን እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ቅጹ ተሞልቶ፣ ከእሱ ጋር በፊርማዬ የተጻፈ ደብዳቤ። ጎርፍ መድረሱን የሚገልጽ የቀበሌ ማስረጃ። የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ ከሦስት ሰዎች። እና ፎቶዎች፣ በዝርዝር።

«ዝርዝር ስል» አለች «እያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ይኑረው። ምን ያሳያል፣ የትኛው ክፍል ነው፣ መቼ ተነሳ፣ ማን አነሳው። በቴሌግራም ሲልኩልኝ ደግሞ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል ይላኩት። በፎቶ ሲላክ ያነሰ ሆኖ ይመጣል፣ የተነሳበት ቀንም ይጠፋል።»

«የተከራይዋስ ዕቃ? ፍራሹ፣ ቁም ሣጥኑ?»

«የእርስዎ ውል ሕንፃውን ብቻ ነው መምህር። የእሷ ንብረት በእሷ ስም ካልተገባ አይካተትም።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለዎትም ጥሩ ነው። ቤቱ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ሲታይ ሥራው ይቀላል።»

እኔ ቀድሞ የተነሳ ፎቶ የለኝም። ማታ ተከራዬ ጋ ደውዬ ጠየቅኳት። «አለኝ» አለች፤ ከተል አድርጋም ላከችልኝ። ሃያ የሚሆኑ ፋይሎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቤቱን ስትከራይ ባዶውን ያነሳቻቸው ናቸው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ንጹሕ። ቀጥሎ ውሃው፣ ጭቃው፣ በሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ለብቻው የመጣ አለ።

የጀርባው ግድግዳ ነው። ስንጥቁ አለ። በእርሳስ ጎኑ ላይ ሦስት አጫጭር መስመሮች ተሰምረዋል፤ አንዱ ከአንዱ ዝቅ እያለ። ቀኑን ከፍቼ አየሁ። ግንቦት ውስጥ የተነሳ ነው። ጎርፉ ሊመጣ ሦስት ወር ሲቀረው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ይህች ሴት ማስረጃ ስትሰበስብብኝ ከርማለች አልኩ። ቤት ተከራይቶ ግድግዳ በእርሳስ የሚለካ ማን ነው? አሁን ደግሞ ይህን ላከችልኝ። ለምን? «በእጄ አለ» ልትለኝ ነው። ኪራይ ብጨምር ለመድን ድርጅቱ ልትልከው ነው። አንዱን ጥርጣሬ ከሌላው ጋር እያያያዝኩ እስክተኛ ድረስ አንድ ሙሉ ክስ ሠራሁ።

ባለቤቴ ሻይ አምጥታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ፎቶውን አሳየኋት።

«ታዲያ ስንጥቁ ቀድሞ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ጎርፉ አባብሶታል።»

«ሊሆን ይችላል» አለችና ሻይዋን ይዛ ሄደች። «ሊሆን ይችላል» ያለችበት አነጋገር ራሱ አናደደኝ።

ደብዳቤውን በማግስቱ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ግን ኮምፒውተር ቤት ወስጄ አስተየብኩት። ቅጂው አሁንም አለኝ። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ በጎርፍ ለደረሰ ጉዳት ካሳ ስለመጠየቅ። በድርጅታችሁ የመድን ዋስትና የገባሁበት፣ ቡታጅራ ከተማ የሚገኘውና በኪራይ ላይ ያለው መኖሪያ ቤቴ፣ በነሐሴ ወር በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት ከመንገድ በመጣ ጎርፍ ተጥለቅልቆ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ጉዳት ደርሶበታል። ይኸውም፦ የሁለት ክፍል ወለልና ሴራሚክ፣ ሦስት የውስጥ በሮች፣ የታችኛው ልስንና ቀለም፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ሶኬቶች፣ የመንገድ በኩል አጥር፣ እንዲሁም በጎርፉ ኃይል የተሰነጠቀ የጀርባ ግድግዳ። ለማስረጃነት አሥራ አራት ፎቶግራፎች በዝርዝር አያይዤ አቅርቤያለሁ።»

ዝርዝሩ ከሥሩ ነበር። ፎቶ አንድ፣ ሳሎን፣ ውሃው እንደገባ፣ በተከራይ የተነሳ። ፎቶ ሁለት፣ ውሃው በግድግዳ ላይ የተወው መስመር፣ ሜትር ተይዞበት፣ በባለቤቱ የተነሳ። ፎቶ ሦስት፣ የታፈነው ቦይ። ፎቶ አራት፣ የወደቀው አጥር። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ፎቶ አሥራ አንድ፣ «የተሰነጠቀ የጀርባ ግድግዳ፣ ከጎርፉ ማግስት»። ፎቶ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት፣ ቤቱ ከጎርፉ በፊት፣ ተከራይዋ ስትገባ የተነሱ። በሁለቱም ላይ የጀርባው ግድግዳ አይታይም። እንዳይታይ አድርጌ ነው የመረጥኳቸው።

የግንቦቱን ፎቶ አላካተትኩትም። «አልጠየቁኝም» አልኩ ለራሴ። «በጎርፉ ኃይል የተሰነጠቀ» የሚለውን ሳስተይብ ግን ትንሽ እንደቆምኩ አስታውሳለሁ። የምትተይበው ልጅ «ልቀጥል አባባ?» አለችኝ። ቀጥይ አልኳት።

ገምጋሚው ከሳምንት በኋላ መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋው፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ኢንጂነር ነው። እኔ ቀድሜ ቡታጅራ ደርሼ ጠበቅኩት። ተከራዬ ተረኛ ስላልነበረች ቤት ነበረች፤ እናቷም በዚያው ወንበር ላይ።

ሰውዬው የላክሁትን ዝርዝር አትሞ በክሊፕቦርድ ይዟል። በቁጥር ቅደም ተከተል ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ፎቶውን ከቦታው ጋር እያስተያየ ምልክት ያደርጋል። የሴራሚኩን ስፋት ለካ። በሮቹን ከፍቶ ዘጋ። አጥሩ ወድቆ የተኛበትን ርዝመት በሜትር ወሰደ። አጥሩ መሠረቱ ላይ ብረት ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ነበረው አልኩ፤ ጎንበስ ብሎ አየና «አለው» ብሎ ጻፈ። የምናገረውን ሁሉ እያጣራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ሰው ዓይን ስታይ የምጨነቀው እኔ ሆንኩ።

ፎቶ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ወደ ጀርባው ክፍል ገባ። እኔና ተከራዬ ተከተልነው። የስልኩን መብራት አብርቶ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች አየው። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ አወጣ። ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳለፈ። የእርሳስ መስመሮቹ ውሃው ከደረሰበት በታች ስለነበሩ ታጥበዋል፤ አንዷ ብቻ በጭላንጭል ትታያለች። ጎንበስ ብሎ መስመሯን አያት።

«ይሄ መቼ ነው የተሰነጠቀው?» አለ። የጠየቀው እኔን አይደለም፤ ወደ ተከራዬ ዞሮ ነው።

እሷ እኔን አየችኝ። ከዚያ «ጋሼን ይጠይቋቸው። ባለቤቱ እሳቸው ናቸው» አለች።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ስንጥቁን አየሁ። «እስቲ ከውጭ በኩል ልየው» ብሎ ከቤቱ ወጣ፤ ወደ ጓሮ ዞረ።

ብቻችንን ስንቀር ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በቁጣ ተናገርኳት።

«ወጥመድ ነው አይደል? ግንቦት ላይ ግድግዳዬን ፎቶ አንስተሽ የምታስቀምጪው ለምንድነው?»

«አልደበቅኩትም» አለች። «ያን ጊዜ ለእርስዎ ልኬያለሁ። ስልክዎን ይዩ።»

አየሁ። የቴሌግራም ውይይታችንን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሳብኩት። ግንቦት ላይ አለ። ያው ፎቶ፤ ከሥሩ «ጋሼ፣ እናቴ የሚተኙበት ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ ቢያዩልን» የሚል። አንብቤዋለሁ። ከሥሩ የእኔ መልስ አለ፦ «እሺ፣ እናየዋለን።» ያኔ የኪራይ ቅናሽ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ችላ ማለቴ ትዝ አለኝ። ከዚያ ጨርሶ ረሳሁት።

«እርሳሱስ?» አልኳት፤ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

«እያደገ እንደሆነ ለማየት ነው። በየሳምንቱ ጫፉ የደረሰበት ላይ አሰምር ነበር። ካደገ የእናቴን አልጋ ወደ ሳሎን አወጣለሁ ብዬ። ሐምሌ ላይ አወጣሁት።»

ከግቢው እናቷ አንድ ነገር ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

ትንሽ አመነታች። «‹ንገሪው› ነው የሚሉት።» ከዚያ ዓይኔን እያየች ተናገረች። «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ። ኢንሹራንሱ ሲከፍልዎት ቤቱን አድሰው በጨመረ ዋጋ ለሌላ ሰው ያከራዩታል ብለን ፈርተናል። ስለዚህ ያንን ፎቶ ሳልሰርዝ አቆየሁት። እርስዎ ሁሉንም ላኪ ሲሉኝ ላክሁት፣ ምን እንደሚያደርጉበት ለማየት። ዝርዝሩ ላይ እንደሌለ አሁን ሰውዬው ሲያነብ ነው ያወቅኩት።»

ስለዚህ ግማሽ ልክ ነበርኩ፤ ጠርጥራኛለች። ጥርጣሬዋ ግን እኔ እንዳሰብኩት አልነበረም፤ እንዲያውም በማስረጃ የተደገፈ ነበር። ኪራይ ልጨምር የደወልኩት እኔ፤ «እናየዋለን» ብዬ ያላየሁት እኔ፤ ፎቶውን ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። በፈተና አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ባገኝ ኖሮ ወረቀቱን ነጥቄ አስወጣው ነበር።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ገምጋሚው የጣሪያውን አሸንዳ ቀና ብሎ እያየ ነው።

«ኢንጂነር» አልኩት፤ «ስንጥቁ ከጎርፉ በፊት ነበር። ተከራይዋ ግንቦት ላይ ያነሳችው ፎቶ አለ። እኔ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁትም።»

ስልኬን ሰጠሁት። ፎቶውን አየ፣ ቀኑን አየ፣ በእሷ መልእክትና በእኔ መልስ ላይም ዓይኑን አሳለፈ። እዚያ ላይ ፊቴን አዞርኩ።

«ስንጥቁ ውስጥ የሸረሪት ድርና አሮጌ አቧራ አለ» አለ ስልኩን ሲመልስልኝ። «ውሃው ከደረሰበት በላይ ባለው ማለቴ ነው። አዲስ ስንጥቅ እንዲህ አይሆንም። ይሄ አሸንዳ ውሃውን መሠረቱ ላይ ነው የሚያፈሰው፤ አፈሩ ሰምጧል። ስንጥቁን የጠረጠርኩት ገና ውስጥ ሳየው ነው።» ክሊፕቦርዱን አሳየኝ። ከፎቶ አሥራ አንድ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጓል።

«ምን ይሆናል ታዲያ?»

«ውልዎን አንብበውታል?»

«አሁን አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ያውቁታል። ሆን ተብሎ የቀረበ ሐሰት ካለ ሙሉ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል፤ ወለሉም፣ በሩም፣ አጥሩም። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ውሳኔው የእነሱ ነው።» ትንሽ ለሰለሰ። «የእርስዎም ማስተካከያ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይድረሳቸው። ባለንብረቱ በራሱ አስተካከለ ብዬ እጽፋለሁ። ያ ልዩነት አለው።»

ከቡታጅራ ሳልወጣ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። አጭር ነው። «ቀደም ሲል ባቀረብኩት ጥያቄ በጎርፉ ኃይል የተሰነጠቀ በማለት የገለጽኩት የጀርባ ግድግዳ፣ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት የነበረና በእኔ ያልተጠገነ ጉዳት ስለሆነ ከጥያቄዬ እንዲወጣ። ከዝርዝሩ ጋር ቀድሞ ማያያዝ የነበረብኝን ፎቶ አሥራ አምስት በዚህ አያይዤ አቅርቤያለሁ። ያነሳችው ተከራይ ናት።» «ቀድሞ ማያያዝ የነበረብኝን» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስጠፍቼ ሁለት ጊዜ አስጻፍኩት። በመጨረሻ እንዲቆይ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። አንድ ወር ተኩል ፈጀ። በየሳምንቱ ቅርንጫፉ ጋ እየሄድኩ፣ ያችን ሠራተኛ «ምን ደረሰ?» እላታለሁ። «ጥያቄዎ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ትለኛለች። ፊቷ ላይ ስለ እኔ ምን እንደምታውቅ ለማንበብ እሞክራለሁ። ምናልባት ምንም አታውቅም፤ ምናልባት ሁሉንም ታውቃለች። የምፈራው አለመከፈሉን ብቻ አልነበረም፤ «መምህሩ አጭበረበሩ» የሚል ወረቀት አንድ ቦታ ተቀምጦ እንዳይቀር ነው።

መስከረም ካለቀ በኋላ ጠሩኝ። ወለሉን፣ በሮቹን፣ ልስኑን፣ የኤሌክትሪኩን ሥራና አጥሩን ተቀብለዋል፤ በውሉ መሠረት እኔ ራሴ የምሸፍነው ድርሻ ተቀንሷል። የጀርባው ግድግዳ አልተካተተም። ሠራተኛዋ የመስማሚያ ሰነዱን ሰጠችኝ። ከመፈረሜ በፊት እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ፤ የካሳው ቼክ የእኔንና የባንኩን ስም አንድ ላይ የያዘው ብድሩ ገና ስላላለቀ መሆኑንም አስረዳችኝ።

«ሌላ ጥያቄ አለዎት መምህር?» አለችኝ።

«የለኝም» አልኳት። ነበረኝ፤ ግን የምትመልሰው ዓይነት አልነበረም።

ግድግዳውን በራሴ ወጪ አስጠገንኩ። ባለሙያው መሠረቱን ቆፍሮ ሲያየው ከሥሩ ያለው አፈር ታጥቦ ባዶ ሆኖ አገኘው። ሁለት ክረምት አይቆይም ነበር አለኝ። ግድግዳውን የሚያስር የኮንክሪት ቢም ጨመረበት፤ አሸንዳውን ወደ ቦዩ አዞረው። ሥራው በተካሄደባቸው ሳምንታት እናትና ልጅ እንሴኖ ዘመድ ጋ አረፉ፤ ለዚያ ጊዜ ኪራይ አልጠየቅኩም። ለፍራሾቹም የተወሰነ ነገር ልሰጣት ስል አልቀበልም አለች። «እሱ የጎርፉ ነው፤ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ። ከእኔ የተለየች ሰው ናት፤ የእኔ የሆነውንና ያልሆነውን በደንብ ትለያለች።

ሲመለሱ ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ክፍሎቹን አንድ በአንድ፣ ከጀርባው ግድግዳ ጀምራ አነሳች። እኔም ከኋላዋ እየተከተልኩ አነሳሁ። ሁለታችንም ፎቶ ስናነሳ አንዳችንም አልሳቅንም፤ አንዳችንም አልተደበቅንም።

ከዚያ አዲስ የኪራይ ውል አወጣሁ። ኪራዩን ባለበት ትቼዋለሁ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ተከራይ ስለ ቤቱ ጉዳት በጽሑፍ ካሳወቀች አከራይ መጥቶ ያያል፣ ያስጠግናል የሚል ጨምሬያለሁ። ይህን ስጽፍ በራሴ ረክቼ ነበር።

እሷ ውሉን ለእናቷ ጮክ ብላ፣ መስመር በመስመር ወደ ቋንቋቸው እየመለሰች አነበበችላቸው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። መጨረሻው አንቀጽ ላይ እጃቸውን አነሱና አስቆሟት። አንድ ነገር ጠየቁ። ልጅቷ ፈገግታዋን ልትደብቅ ሞከረች።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«‹በስንት ቀን ውስጥ ነው የሚያየው?› ይላሉ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩኛል። እስክሪብቶዬን አወጣሁና «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ» ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። ልጅቷ ነገረቻቸው። አሰቡ፤ ከዚያ አንድ ቁጥር ተናገሩ። ይሄኛው ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ሰረዝኩትና «በሰባት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም ሦስታችንም ፈረምንበት።